አዲስ አካውንት ገና እንደተከፈተ የሚዘጋው ለምንድን ነው? በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሾኔ ለሚገኙ ተጠቃሚዎች መመሪያ

ሆሳዕና ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገብተው ጂሜይል አስከፈቱ እንበል። ስም ተሞላ፣ የይለፍ ቃል ተመረጠ፣ በስልክ የመጣው ኮድ ገባ፣ ሂሳብ ተከፈለ። ማታ ቤትዎ ሆነው በራስዎ ስልክ ሊገቡበት ሲሞክሩ አካውንቱ ተዘግቷል የሚል ጽሑፍ ይመጣል። አንድ መልእክት እንኳ አልላኩም፤ ስለዚህ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሊገባዎት አይችልም። ዱራሜና ሾኔ ላይ፣ ደቡብ አፍሪካ ካለ ወንድም ጋር ለመገናኘት ፌስቡክ ወይም ዋትሳፕ ሲከፍቱ ይኸው የሚገጥማቸው ሰዎች አሉ።

አካውንቱን የዘጋው ብዙውን ጊዜ ሰው አይደለም፤ በጅምላ የሚከፈቱ የማጭበርበሪያ አካውንቶችን ለመያዝ የተሠራ ፕሮግራም ነው። የቆየ አካውንት የዓመታት ታሪክ ስላለው ታሪኩ ይመሰክርለታል። አዲሱ ግን ዋስ እንደሌለው እንግዳ ነው፤ የሚገመገመው አብሮት በመጣው ነገር ነው። ፕሮግራሙ በተለይ ሦስት ነገሮችን ያያል፤ አካውንቱ የመጣበትን የኢንተርኔት አድራሻ፣ የተከፈተበትን ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ ኮዱ የገባበትን ስልክ ቁጥር። ከእነዚህ አንዱ ብቻ የጋራ ቢሆን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ሦስቱም የጋራ ሲሆኑ ግን የእርስዎ አካውንት አንድ ሰው በጅምላ ከከፈታቸው መካከል እንደ አንዱ ሆኖ ይታያል። ድርጅቶቹ አጭበርባሪ እንዳይጠቀምበት ብለው ልኩን አይናገሩም፤ ስለዚህ “በአንድ ቁጥር ይህን ያህል ይከፈታል” የሚል ምክር ሲሰሙ አይመኑ።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ዓላማ አንድ ነው፤ የግልዎ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ የግልዎ ማድረግ። ምሳሌው በዋናነት ጂሜይል ነው፤ ሌሎቹ የሚለዩበት ቦታ ሲደርስ ይነገራል።

1. በምን መስመር እንደሚገቡ ይወቁ

ኢንተርኔት ላይ እያንዳንዱ መስመር አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። የቆየው ዓይነት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ በመሆኑ ለዓለም ሕዝብ ስልክ ሁሉ አይዳረስም። ስለዚህ የሞባይል ድርጅቶች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ያወጣሉ። እርስዎ ሆሳዕና፣ ሌላው ሰው አንጋጫ ሆናችሁ፣ ጉግል ሁለታችሁንም በአንድ ቁጥር ሊያያችሁ ይችላል።

ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ዋይፋዩን አጥፍተው ዳታ ይክፈቱ። በስልክዎ ማስተካከያ ውስጥ About phone በሚለው ሥር IP address የሚለውን ይመልከቱ፤ በአንዳንድ ስልኮች Status ከሚለው ውስጥ ነው። ቀጥሎ ጉግል ላይ what is my ip ብለው ይፈልጉና የሚወጣውን ቁጥር ያነጻጽሩ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይም የስልኩ ቁጥር በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ፣ የጋራ አድራሻ ላይ ነዎት።

እንዲያም ሆኖ ለመክፈቻ የሚመረጠው የራስዎ ሲም ዳታ ነው። የሞባይል መስመር ብዙ ሰው እንደሚጋራው የታወቀ ስለሆነ፣ ከዚያ ብዙ አካውንት ቢመጣ እንደ ተራ ነገር ሊታይ ይችላል። የአንድ ካፌ ወይም የአንድ ኮምፒውተር ቤት ዋይፋይ ግን ከጥቂት መሣሪያዎች የሚወጣ መስመር ነው። ከዚያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደርዘን አካውንት ሲወለድ ጎልቶ ይታያል። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆኑም አዲስ ተማሪዎች በሚገቡበት ሳምንት፣ ሁሉም በግቢው ዋይፋይ በሚመዘገብበት ሰዓት አይክፈቱ፤ በራስዎ ዳታ ያድርጉት። የጓደኛ ሆትስፖት ላይ ከሆኑም ያው የጓደኛዎ መስመር ነው፤ እሱ በዚያው ቀን ሦስት አካውንት ከፍቶበት ከሆነ የእርስዎ አራተኛ ነው።

ቪፒኤን ካለ ያጥፉት። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወር ያህል በተዘጉበት ጊዜ ብዙ ሰው ነጻ ቪፒኤን ጭኖ ነበር፤ በአንዳንድ ስልኮች እስካሁን ከጀርባ ይሠራል። የነጻ ቪፒኤን አድራሻ ከመላው ዓለም የመጡ ሰዎች፣ አጭበርባሪዎችም ጭምር የሚረግጡት ነው። በዚያ ላይ +251 የሚል ቁጥር ይዘው ከኔዘርላንድስ እንደሚመዘገቡ ሆነው ይታያሉ። ከስልኩ አናት ላይ የቁልፍ ምልክት ወይም VPN የሚል ጽሑፍ ካለ አልጠፋም ማለት ነው።

2. ስልኩን ያጽዱ

መተግበሪያዎች ስልኩን በራሱ ለይተው ያውቁታል። ከዚህ ቀደም በዚያ ስልክ ላይ የተዘጋ አካውንት ከነበረ አዲሱም በጥርጣሬ ይጀምራል። ከደቡብ አፍሪካ የተላከ ወይም ከሞባይል ቤት የተገዛ ያገለገለ ስልክ ከያዙ የቀድሞው ባለቤት አካውንት እንዳይቀር ይመልከቱ። ማስተካከያ ውስጥ አካውንቶች በሚለው ሥር የማያውቁት ኢሜይል ካለ፣ የቀድሞው ባለቤት ወይም የሸጠልዎ ሰው ራሱ እንዲያወጣው ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ በስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሰው እንደ አዲስ ያስነሱት። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ። አካውንቱ ሳይወጣ ከተደመሰሰ ስልኩ ሲነሳ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ሊጠይቅዎት ይችላል።

ሁለተኛው ነገር የተባዛ መተግበሪያ ነው። በአንዳንድ ስልኮች ላይ አንድን መተግበሪያ ሁለት የሚያደርግ አገልግሎት አለ፤ በሞባይል ቤትም የተነካካ ዋትሳፕ ወይም ቴሌግራም ይጫናል። አዲስ አካውንት በእነዚህ አይክፈቱ። በተለይ ዋትሳፕ ከራሱ ውጭ በተሠራ መተግበሪያ የሚገባን ቁጥር እንደሚያግድ በግልጽ አስታውቋል። ከፕሌይ ስቶር የወረደውን ብቻ ይጠቀሙ።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ስልካቸውን በአገራችን አቆጣጠር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ብለው በእጅ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ስልኩ ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት 7 መሆኑን ይጠብቃል። ቀኑም በእጅ ወደ ኢትዮጵያ ዓመት ከተመለሰ አስተማማኝ ገጾች አልከፈት ይላሉ። ይህ በራሱ አካውንት አያዘጋም፤ ችግሩ ምዝገባው ሲቋረጥ ሰው ደጋግሞ መሞከሩ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ የሚሞላ ቅጽ ደግሞ የማሽን ሥራ ይመስላል። ስለዚህ ቀንና ሰዓቱን በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉት።

3. በራስዎ ስም የወጣ ሲም ይያዙ

ከሦስቱ ነገሮች ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው የተጋራ ቁጥር ነው። የኮምፒውተር ቤቱ ሠራተኛ ለማፋጠን ሲል የራሱን ቁጥር ሲያስገባ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ያ ቁጥር ከዚያ በፊት ለብዙ ደንበኞች አገልግሏል፤ ከእነሱ አንዱ ማጭበርበሪያ ላይ ቢውል የእርስዎም አብሮ ይጠረጠራል። ሁለተኛ፣ ነገ የይለፍ ቃል ቢጠፋዎት ወይም ማንነትዎን ያረጋግጡ ቢባሉ ኮዱ የሚሄደው ወደ እሱ ስልክ ነው።

ቁጥሩ ብዙ እንደተሠራበት የሚታወቀው ጉግል ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ ውሏል ሲል ነው። በእንግሊዝኛ This phone number has been used too many times የሚል ይሆናል። ይህን ካዩ ያንኑ ቁጥር ደግመው አይሞክሩ።

አዲስ የገዙት ሲምም ታሪክ ሊኖረው ይችላል። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቀረ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ቴሌግራም ሲከፍቱ የማያውቁት ሰው ስምና ፎቶ ከመጣ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንት አሁንም በቁጥሩ ላይ አለ ማለት ነው። This phone number is banned ካለ ደግሞ ቁጥሩ የታገደው ምናልባት እርስዎ ሳይገዙት በፊት ነው። ይህን ለማረም የሚጻፍበት አድራሻ recover@telegram.org ነው፤ ቁጥሩን ከ+251 ጀምረው ይጻፉ፣ ሲሙ መቼ በስምዎ እንደወጣም ይግለጹ። ሲም ሲገዙ የተሰጠዎትን ወረቀት የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።

ኮድ ሲጠብቁ ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ “ድገም” የሚለውን ቶሎ ቶሎ አይጫኑ። በተጫኑ ቁጥር አዲስ ኮድ ይላካል፤ ብዙ ጊዜም የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው። ዘግይቶ የደረሰውን የመጀመሪያ ኮድ ሲያስገቡ ስህተት ይባላል፣ እንደገና ይጫናል፣ በመጨረሻም ሙከራው በዛ ተብሎ ይዘጋል። አንዴ ጠይቀው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ካልመጣ ኔትወርክ ወደሚሻልበት ቦታ ይሂዱ።

4. ቅጹን በመታወቂያዎ ልክ ይሙሉ

ስምዎን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ ፋይዳ መታወቂያዎ ላይ እንዳለው ያድርጉት። የሐዲያና የከምባታ ስሞች በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ ስለሚጻፉ፣ አንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ላይ በሁለት መሆኑ የተለመደ ነው። ፌስቡክ በኋላ መታወቂያ ሲጠይቅ ልዩነቱ እንቅፋት ይሆናል። የአባትዎን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይሙሉ፤ ቦታውን ባዶ ላለመተው ብለው ነጠላ ፊደል ወይም ቅጽል ስም አያስገቡ።

የልደት ቀን ላይ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ቅጹ ያቀረበውን ቀን ሳይነኩ ማለፍ ነው። አንዳንድ ቅጾች የዛሬን ቀን ስለሚያሳዩ የዛሬ ሕፃን ሆነው ይመዘገባሉ፤ ዕድሜዎ ከ13 ዓመት በታች ሆኖ ሲታይ ወይ አይቀበልዎትም ወይ ወዲያው ይዘጋል። ሁለተኛው የኢትዮጵያን ዓመት እንዳለ መጻፍ ነው። ጥር 15 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 23 ቀን 2006 ነው። 1998 ብሎ ከጻፈ ስምንት ዓመት ይጨምራል። በዕለቱ ምንም አይሆንም፤ አካውንቱ ተዘግቶ መታወቂያ ሲልክ ግን ቀኑ አይገጥምም። ፋይዳ ላይ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ስለሚገኝ የፈረንጁን ቀን ከዚያ ይገልብጡ።

5. በኮምፒውተር ቤት መክፈት ግድ ከሆነ

አንድ የሚሆን ነገር እንከተል። የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ለመመዝገብ ከሾኔ የመጡ ስድስት ተማሪዎች ኢሜይል የላቸውም እንበል። ሆሳዕና አንድ ኮምፒውተር ቤት ገቡ። ሠራተኛው በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ማሰሻ፣ ከአንዱ አካውንት እየወጣ ወደ ሌላው ይከፍታል። ለሁሉም የሚያስታውሰው አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ለኮዱም የራሱን ስልክ ይጠቀማል። የመጀመሪያዎቹ ያልፋሉ። ከዚያ ጉግል ቁጥሩን አልቀበልም ይላል። ሠራተኛው የጎረቤቱን ስልክ ተውሶ ይቀጥላል። ማታ ላይ መጨረሻ የተከፈቱት ሁለቱ ይዘጋሉ፤ በማግስቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ማንነትህን አረጋግጥ ይባላል፣ ኮዱ ግን ሠራተኛው ጋር ነው።

እዚህ ያጠፋ ተማሪ የለም። በጉግል በኩል የታየው ግን አንድ አድራሻ፣ አንድ ማሽን፣ ሁለት ቁጥርና በደቂቃዎች ልዩነት የተወለዱ ስድስት አካውንቶች ናቸው። ከስድስቱ መካከል ስልክ ያላቸው በየራሳቸው ስልክና ዳታ ቢከፍቱ ኖሮ በአካውንቶቹ መካከል የሚታየው ግንኙነት ያኔውኑ ይቋረጥ ነበር። አንድሮይድ ላይ ማስተካከያ ውስጥ ገብተው አካውንት ጨምር፣ ጉግል፣ አካውንት ፍጠር ማለት በቂ ነው፤ ሲሙ እዚያው ስልክ ውስጥ ስላለ ቁጥሩን ማረጋገጡም ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ስልክ የሌለው ተማሪ ቢኖር እንዲህ ያድርግ። በክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ያለውን የሰው ምልክት ተጭኖ Guest የሚለውን ይክፈት፤ የቀድሞ ደንበኞች ፈለግ እዚያ መስኮት ውስጥ አይኖርም፣ ሲዘጋም የእሱ አይቀርም። ኮዱን በቤተሰብ ቁጥር ይቀበል፤ የእናቱ ወይም የወንድሙ ቁጥር ነገም ስለሚገኝ ከሠራተኛው ይሻላል። ጉግል አንዳንዴ በኮምፒውተሩ ላይ በስልክ የሚነሳ ካሬ ኮድ አሳይቶ ከስልኩ መልእክት እንዲላክ ይጠይቃል። ያኔ ኮዱን የሚያነሳው ስልክ የማን እንደሆነ ልብ ይበል፤ የሚመዘገበው የዚያ ስልክ ቁጥር ነው። ስልኩም ሂሳብ ይኑረው። የይለፍ ቃሉን ራሱ ይተይብ፤ ሠራተኛው የሰጠውን አይቀበል።

ኮምፒውተር ቤት ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁን ቁጥር ለደንበኛ አታውሱ። ደንበኛው በስልኩ እንዲከፍት አሳዩትና ለእርዳታው አስከፍሉ፤ አለዚያ መስመራችሁ ለሚቀጥለው ደንበኛም ይበላሻል።

6. የመጀመሪያውን ሳምንት በቀስታ ይለፉ

አካውንቱ ተከፈተ ማለት ተመረመረና አለፈ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ፎቶዎን ያስገቡ፣ የሚያውቋቸውን ጥቂት ሰዎች ያግኙ፣ ጂሜይል ከሆነ ለአንድ ዘመድ ጽፈው መልስ ይቀበሉ። ፌስቡክ ላይ ደርባን ላሉት ዘመዶች በሙሉ በአንድ ምሽት የጓደኝነት ጥያቄ አይላኩ፤ የማያውቅዎት ሰው ጥያቄውን ሲገፋው ይመዘገብብዎታል። ቴሌግራም ላይ ቁጥርዎን ላልያዙ ሰዎች መጻፍና ያንኑ ሊንክ በየግሩፑ መለጠፍ ያሳግዳል። ቴሌግራምዎ ተገድቦ እንደሆነ ለማወቅ ለ @SpamBot ቢጽፉለት ሁኔታዎን ይነግርዎታል።

በእነዚህ ቀናት ከከፈቱበት ስልክ አይውጡ። ጠዋት በስልክዎ፣ ቀትር በጓደኛ ስልክ፣ ማታ በኮምፒውተር ቤት መግባት አካውንቱ በብዙ እጅ እንዳለ ያስመስለዋል።

7. ከተዘጋ ሌላ አይክፈቱ

መጀመሪያ ጽሑፉን በሙሉ ያንብቡና ፎቶ ያንሱት። ማንነትህን አረጋግጥ ማለትና ተዘግቷል ማለት የተለያዩ ናቸው። ማረጋገጫ ከተጠየቁ አካውንቱ አልጠፋም፤ ቁጥር ወይም የፊት ቪዲዮ ሰጥተው ያልፋሉ። ቪዲዮውን በቀን ብርሃን፣ ያለ መነጽርና ያለ ኮፍያ ያንሱ።

ተዘግቷል ካለ ይግባኝ ይጠይቁ። ጉግል ላይ በኢሜይሉና በይለፍ ቃሉ ሲገቡ Start appeal የሚል ይመጣል፤ አብዛኛው ይግባኝ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚታይ ጉግል ይገልጻል። ፌስቡክ ለይግባኝ 180 ቀን ይሰጣል፤ ካለፈ አካውንቱ ለዘለቄታው ይጠፋል። ይግባኙን ከተከፈተበት ስልክና መስመር፣ በአጭርና በቀላል እንግሊዝኛ ይጻፉ። አራት ነገር ይበቃል፤ አካውንቱን መቼ እንደከፈቱ፣ በኢትዮጵያ ሆሳዕና በሕዝብ ኮምፒውተር ወይም በጋራ ዋይፋይ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚፈልጉት፣ ሌላ አካውንት እንደሌለዎት። አለመኖሩ እውነት ካልሆነ አይጻፉት። አይለምኑ፣ አይቆጡ፣ በቀን ሦስቴም አይላኩ።

ትልቁ ስህተት በብስጭት ወዲያው ሌላ መክፈት ነው። ሁለተኛው አካውንት በዚያው ስልክ፣ በዚያው መስመር፣ በዚያው ቁጥር ስለሚመጣ የተዘጋው ሰው ተመልሶ መጣ ተብሎ ይቆጠራል። የመጀመሪያውን ይግባኝም ያደክማል። አካውንት አስመልሳለሁ እያለ ገንዘብና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሰውም ከይግባኙ በስተቀር የተለየ በር የለውም።

ይግባኙ ውድቅ ከሆነ ያ አካውንት አልፏል። አዲስ ሲከፍቱ ቀደም ሲል የተጋሩትን ይለዩ፤ ቁጥሩ ከነበረ በስምዎ የወጣ ሌላ ሲም፣ ኮምፒውተሩ ከነበረ የራስዎን ስልክ፣ ዋይፋዩ ከነበረ ዳታዎን ይጠቀሙ። ጥቂት ቀናት ቆይተው አንድ ብቻ ይክፈቱ። ሁለተኛው እንደገና ከተዘጋ ግን ምክንያቱ የጋራ መስመር ላይሆን ይችላል፤ ሦስተኛ ከመክፈትዎ በፊት በስልኩ ላይ የቀረ የተባዛ መተግበሪያ ወይም ቪፒኤን መኖሩን ከ1ኛው ደረጃ ጀምረው ይፈትሹ።